«ኮር አይ5 ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን መስመር በምን እንተካው? የቢሮ ኮምፒውተር ስፔሲፊኬሽን በሚለካ ቋንቋ

አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ኮምፒውተር ለመግዛት ሲነሣ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መስመር ይህን ይመስላል፦ «ፕሮሰሰር፦ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ወይም ተመጣጣኝ»። መስመሩ አጭር ነው፤ የታወቀ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላትም ለሌሎች አምራቾች በር የከፈተ ይመስላል። ሆኖም ሦስቱ ክፍሎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ገዥው ምን ያህል አቅም ያለው ማሽን እንደሚፈልግ አንዳቸውም አይናገሩም። ይህ ጽሑፍ በዚህ አንድ መስመር ላይ ያተኩራል፤ ለምን ችግር እንደሚያመጣ፣ በምን ሊተካ እንደሚችል፣ የተተካውም መስመር ዕቃው ሲደርስ እንዴት እንደሚፈተሽ ያስረዳል።

ከስሙ እንጀምር። «ኮር አይ5» የአንድ ዕቃ ስም ሳይሆን ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለብዙ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የሰጠው የገበያ ስያሜ ነው። በዚህ ስም ሁለት ኮር ብቻ ያላቸው ፕሮሰሰሮች ተሸጠዋል፤ በ13ኛው ትውልድ ደግሞ 14 ኮር ያለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በዚሁ ስም ወጥቷል። እንግዲህ አንድ ተጫራች መጋዘን ውስጥ የከረመ አሮጌ ኮር አይ5 ቢያቀርብ፣ ሰነዱ በቃሉ ሲነበብ ውድቅ የሚያደርገው ነገር የለም። ይህን የተረዱ ገዥዎች «13ኛ ትውልድ» ብለው ለማጥበብ ይሞክራሉ፤ ነገር ግን የትውልዱ ቆጠራ የአንድ አምራች ቆጠራ ስለሆነ የሌላው አምራች ዕቃ በምን እንደሚመዘን አይናገርም። በአንድ ትውልድ ውስጥም ቢሆን ለቀጭን ላፕቶፕ በ15 ዋት የተሠራውና ለዴስክቶፕ በ125 ዋት የተሠራው ፕሮሰሰር ሁለቱም አይ5 ይባላሉ፤ ከባድ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲጫንባቸው ግን የሚያሳዩት አቅም በጣም የተራራቀ ነው።

ቁጥሩ ከስሙ የተሻለ ቢመስልም የባሰ ሊያሳስት ይችላል። ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንጂ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ፈጣኑ ፔንቲየም 4 በ3.8 ጊጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ይኸው ኩባንያ ኮር 2 ዱዎን ሲያወጣ በመጀመሪያ የቀረቡት የዴስክቶፕ ሞዴሎች ከ1.86 እስከ 2.67 ጊጋኸርዝ ነበሩ፤ ከፔንቲየም 4 ግን በግልጽ ይበልጡ ነበር። በዚያን ጊዜ «ቢያንስ 3.0 ጊጋኸርዝ» ብሎ የጻፈ ገዥ የቆየውን አስገብቶ አዲሱንና ፈጣኑን ያስወጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሯል፤ አንድ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነትና ከፍተኛ ፍጥነት የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በመነሻው 1.3 ጊጋኸርዝ፣ በከፍተኛው 4.6 ጊጋኸርዝ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ «2.4 ጊጋኸርዝ» ብቻ ካለ አንዱ ተጫራች መነሻውን፣ ሌላው ከፍተኛውን ይጽፋል፤ ገምጋሚውም ሊነጻጸሩ የማይችሉ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመወሰን ይገደዳል።

«ወይም ተመጣጣኝ» የሚለው ሐረግ በራሱ ስሕተት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ የንግድ ምልክት መጥቀስን የሚፈቅደው ፍላጎቱን በሌላ በቂ መንገድ መግለጽ ሳይቻል ሲቀር ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜም ይህ ሐረግ እንዲጨመር ያዛል። ስለዚህ ሐረጉ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ለፕሮሰሰር ሲውል የሚያስቸግረው ተመጣጣኝነቱ በምን እንደሚለካ ሳይነገር ሲቀር ነው። በኮር ብዛት ነው? በፍጥነት ነው? በኤሌክትሪክ ፍጆታ ነው? መልሱ ካልተጻፈ የሚመልሰው ገምጋሚው ነው፤ ሁለት ገምጋሚዎች ደግሞ በቅን ልቦና ሁለት የተለያዩ መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በተወሰኑ አባል አገሮች ላይ የጀመረው ክስ መነሻው ይኸው ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ኢንቴል ወይም ተመጣጣኝ» እያሉ ወይም በጊጋኸርዝ ብቻ እየገለጹ መግዛታቸው ሌሎች አምራቾችን ያገልላል፣ የምት ፍጥነትም ብቻውን የኮምፒውተርን አቅም ለመመዘን አይበቃም የሚል ነበር።

እንግዲያው ጥሩ መስመር ምን መያዝ አለበት? በእኔ እምነት ሦስት ነገሮችን፦ የሚለካውን ነገር፣ ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ መጠን፣ እና የሚለካበትን መንገድ። ሦስተኛው ሁልጊዜ የሚረሳው ነው። መለኪያው ካልተጻፈ መጠኑ ብቻውን ለክርክር የተጋለጠ ነው። መስመሩ በትክክል መጻፉን ለማረጋገጥ የምጠቀምበት ቀላል መንገድ አለ፤ ስለ ግዥው ምንም የማያውቁ ሁለት ባለሙያዎች መስመሩንና ኮምፒውተሩን ይዘው በተለያየ ክፍል ቢቀመጡ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» በሚለው መስማማት አለባቸው።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሒሳብና ለመዝገብ ክፍል 80 ዴስክቶፕ ሊገዛ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሥራ ገበያውን ማየት ሳይሆን ሠራተኞቹ ከሚሠሩበት ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ 40,000 ረድፍ ያለው የኤክሴል ፋይል ትከፍታለች፣ ታጣራለች፣ ወደ ፒዲኤፍ ትቀይራለች፤ በዚያው ጊዜ በብራውዘር ከአሥር በላይ ገጾች ተከፍተዋል፣ ከሰዓት በኋላም የቪዲዮ ስብሰባ አለ። እነዚህ ተግባራት በጽሑፍ ይሰፍራሉ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ባሉት ዕድሜያቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች ላይ ሁለት ነገር ይሠራል፤ አንደኛ እነዚሁ ተግባራት ስንት ሰከንድ እንደሚወስዱ ይለካል፣ ሁለተኛ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የቢሮ ሥራን የሚመስል አንድ የታወቀ ቤንችማርክ፣ ማለትም የአፈጻጸም መለኪያ ፕሮግራም፣ ያስኬዳል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ እንበል። በቤንችማርኩ 3,100 ነጥብ ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ማጣራት ከ20 ሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ ስብሰባውም ይቆራረጣል። 4,700 ነጥብ ያለው ላይ ሥራው ወደ 8 ሰከንድ ይወርዳል፣ ሠራተኛዋም ቅሬታ የላትም። 6,200 ነጥብ ያለው ላይ 6 ሰከንድ ይሆናል፤ ልዩነቱን ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው አያስተውለውም። ከዚህ ገዥው የሚማረው ዝቅተኛው ወሰን 4,700 አካባቢ እንደሆነ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚከብዱ ፕሮግራሞችን ታሳቢ አድርጎ ጥቂት ቢጨምር ደግሞ 5,200 ምክንያት ያለው ቁጥር እንደሚሆን ነው። አንድ ተጫራች «ለምን 5,200?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጥ መልስ አለ፤ የተለካበት ወረቀት በፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። «ለምን አይ5?» ለሚለው ጥያቄ ግን ከልማድ ሌላ መልስ አይገኝም።

የቤንችማርኩ ምርጫ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መለኪያም ሊያዳላ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2011 ቺፕ አምራቾቹ ኤኤምዲ፣ ኤንቪዲያና ቪአይኤ ሲስማርክ የተባለውን የቢሮ ሥራ መለኪያ ከሚያዘጋጀው ባፕኮ ከተባለ የአምራቾች ማኅበር ወጥተዋል፤ ኤኤምዲ መለኪያው ተጠቃሚዎች በእርግጥ የሚሠሩትን ሥራ አይወክልም ብሎ ተቃውሞ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቤንችማርክን መተው አይደለም፤ የተመረጠው መለኪያ የቃል ጽሑፍ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ የብራውዘርና የቪዲዮ ስብሰባ ሥራን የሚፈትሽ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ማንኛውም ተጫራች ሊያገኘው የሚችል መሆኑን ማየት፣ ከተቻለም ሁለት መለኪያዎችን ጎን ለጎን መጠቀም ነው። በተጨማሪም አንድን ክፍል ብቻ የሚፈትሽ መለኪያ፣ ለምሳሌ ሥዕል በመሥራት የፕሮሰሰሩን ኮሮች በሙሉ የሚያስጨንቅ፣ ለቢሮ ሥራ የተሳሳተ ማሽን ያስመርጣል። ተጠቃሚዎች ከላኳቸው ውጤቶች አማካይ ተወስዶ በኢንተርኔት የሚወጣው የፕሮሰሰሮች ደረጃ ሠንጠረዥም ገበያውን ለማየት ይረዳል እንጂ ለውሳኔ አይበቃም፤ የሚገዛው ፕሮሰሰር ብቻ ሳይሆን ራሙ፣ ዲስኩና ማቀዝቀዣው የተገጠመለት ሙሉ ኮምፒውተር ነውና።

አሁን አሮጌው መስመር እንዲህ ሊተካ ይችላል፦ «የቀረበው ኮምፒውተር፣ ለርክክብ በሚመጣበት ሙሉ አደረጃጀቱ፣ በተጠቀሰው የቢሮ ሥራ ቤንችማርክ በተጠቀሰው እትም ቢያንስ 5,200 ነጥብ ማስመዝገብ አለበት። ልኬቱ በ1920 በ1080 የስክሪን ጥራት፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መደበኛ የኃይል አጠቃቀም፣ የአምራቹን የፍጥነት ወሰን ሳያልፍ ሦስት ጊዜ ይካሄዳል፤ የሚያዘው መካከለኛው ውጤት ነው። ተጫራቹ የውጤቱን ፋይል ከሰነዱ ጋር ያቀርባል፤ ገዥው በርክክብ ጊዜ በራሱ በሚመርጣቸው ናሙናዎች ላይ ልኬቱን ይደግማል፣ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ቅናሽም እንደ ልኬት ልዩነት ይቆጠራል»። መስመሩ ረዝሟል፤ ግን በውስጡ የማንም ስም የለም፣ ለክርክር የተተወ ቃልም የለም። የልኬት ልዩነቱ መጠቀሱ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ሲለካ እኩል ነጥብ ስለማይሰጥ፣ ይህ ካልተጻፈ 5,170 ያገኘ ዕቃ ርክክቡን ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል።

ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። መስፈርቶቹ በሙሉ አንድ ላይ ተደርገው በገበያው ላይ መሞከር አለባቸው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አምራቾች ሁሉንም መስፈርት የሚያሟላ ሞዴል እንዳላቸው፣ ከአንድ በላይ የፕሮሰሰር አምራች ያለፈበት መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። «ሁሉንም አንድ ላይ» ማለቱ የገባው በምክንያት ነው። እያንዳንዱ መስፈርት ለብቻው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ድምሩ አንድ ሞዴል ብቻ ሊያስቀር ይችላልና።

ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስፔሲፊኬሽኑ ከአንድ አምራች መግለጫ ላይ ሲገለበጥ ነው፤ የአምራቹ ስም ይሰረዛል፣ አሻራው ግን ይቀራል። ክብደቱ «1.37 ኪሎ ግራም»፣ ቁመቱ «293 ሚሊ ሜትር» ተብሎ ተጽፎ ካገኘሁ የማን ዕቃ እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም ሰው ከራሱ ፍላጎት ተነሥቶ 1.37 ኪሎ ግራም ላይ አይደርስም፤ ሠራተኛው ይዞት የሚዞር ከሆነ «ከ1.6 ኪሎ ግራም ያልበለጠ» ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ስለ ክብደቱ መጻፍም አያስፈልግም። ሌላው አሻራ የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆነ የቴክኖሎጂ ስም ነው። «ሃይፐር ትሬዲንግ ያለው» የሚል መስፈርት የኢንቴልን የንግድ ስም መጥቀስ ነው፤ አፈጻጸሙ ከተለካ ደግሞ መስፈርቱ ራሱ ትርፍ ነው። «ቪፕሮ ያለው» የሚለውም እንዲሁ። ገዥው የሚፈልገው የተዘጋን ኮምፒውተር በኔትወርክ ከርቀት መክፈትና ማስተዳደር ከሆነ ይህንኑ ተግባር መጻፍ ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ዳሽ የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ስታንዳርድም አለ። የደኅንነት ቺፑንም «ቲፒኤም 2.0፣ በአይኤስኦ 11889 ስታንዳርድ መሠረት» ብሎ መግለጽ ይበቃል። ስታንዳርድ የአንድ ሻጭ ንብረት ስላልሆነ ያለ ስም የመጻፍን ሥራ ግማሹን ያቀልልናል።

ስለ ራም ሲጻፍ መጠኑን ብቻ መጥቀስ አይበቃም። 16 ጊጋባይት በአንድ ቁራጭ ሊገጠም ይችላል፣ በሁለት ባለ 8 ቁራጮችም ሊገጠም ይችላል። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር መረጃ ስለሚያመላልስ፣ በተለይ የስክሪን ሥራውን የሚሠራው ቺፕ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ባለባቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ልዩነቱ በልኬት ይታያል። ስለዚህ «16 ጊጋባይት፣ በሁለት ቻናል የሚሠራ፣ ወደ 32 ጊጋባይት ሊያድግ የሚችል» ማለት ሙሉ መስፈርት ነው።

ዲስክ ላይ ደግሞ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። በገምጋሚነት በተቀመጥኩበት አንድ ርክክብ ላይ ሰነዱ «512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ግን ዊንዶውስ ያሳየው 476 ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «36 ጊጋባይት ጎድሏል» ብሎ ዕቃው እንዲመለስ ጠየቀ። የጎደለ ነገር አልነበረም። የዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋባይት ሲሉ 1,000,000,000 ባይት ማለታቸው ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,073,741,824 ባይት ያካፍላል። 512,000,000,000 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል 476.8 ይሰጣል። ርክክቡ ለሁለት ቀን የዘገየው በሰነዱ ላይ «አንድ ጊጋባይት 1,000,000,000 ባይት ነው» የሚል ግማሽ መስመር ስላልነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ግማሽ መስመር ትቼ አላውቅም።

በርክክብ ቀን ከ80ዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ፣ እንበል ስድስቱን፣ አቅራቢው ሳይሆን ገዥው በዕጣ ይመርጣል። ካርቶናቸው በዚያው ይከፈታል፣ ልኬቱም በመስመሩ ላይ በተጻፈው መሠረት ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ውጤቱ ከወሰኑ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ሦስቱ ነጥቦች እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው። የመጀመሪያው 5,400፣ ሁለተኛው 5,000፣ ሦስተኛው 4,700 እያለ እየወረደ ከሄደ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣው አይበቃም፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ሦስቱም እኩል ዝቅ ብለው 4,800 አካባቢ ከሆኑ የተገጠመው ዕቃ ለጨረታ ከቀረበው ይለያል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም ራሙ ነው። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፓወርሼልን ከፍቶ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory |
  Select-Object DeviceLocator, Capacity, ConfiguredClockSpeed
```

ሁለት ረድፍ ወጥቶ በእያንዳንዱ `Capacity` ሥር 8589934592 ከታየ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቁራጮች አሉ ማለት ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ወጥቶ 17179869184 ካሳየ ራሙ በአንድ ቁራጭ ተገጥሟል፤ መጠኑ ትክክል ቢሆንም «በሁለት ቻናል የሚሠራ» የሚለው መስፈርት አልተሟላም። አቅራቢው ራሞቹን ቀይሮ ልኬቱ ሲደገም ነጥቡ ከወሰኑ በላይ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ በቀሩት 74 ኮምፒውተሮች ላይ ግን ይኸው ትእዛዝ ሳይጻፍ ርክክቡ መፈረም የለበትም።

ከስድስቱ ናሙናዎች አንዱ ብቻ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግም በሰነዱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ለምሳሌ የወደቀው ተቀይሮ ሌሎች ስድስት እንደሚለኩ፣ ከእነሱ አንድ እንኳ ቢወድቅ ሰማንያዎቹ በሙሉ አቅራቢው በራሱ ወጪ እንደሚያስለካቸው። ይህ አንቀጽ የሚጻፍበት ትክክለኛ ጊዜ ተጫራቾች ዋጋቸውን ከማስገባታቸው በፊት ነው፤ ሁሉም ዋጋቸውን ሲያሰሉ የልኬቱን ወጪ አብረው ያሰሉታልና።